ከደም ናሙና ላይ የሚጎድለው ስኳር

አንድ ሰው ማለዳ ቁርስ ሳይቀምስ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የስኳር መጠኑን ለማወቅ ደም ይሰጣል እንበል። ደሙ በሚቀዳበት ቅጽበት ያለው የግሉኮስ መጠን በዴሲ ሊትር 130 ሚሊ ግራም ነው። በባዶ ሆድ የተወሰደ ደም 126 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሐኪም የስኳር በሽታን ይጠረጥራል፤ ምርመራው ተደግሞ ያው ከመጣ በሽታው መኖሩ ይረጋገጣል። በዚያን ዕለት ግን ላቦራቶሪው ወረፋ በዝቶበት ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ተራው ደርሶ ማሽን ሲገባ የተነበበው ቁጥር 115 ሆነ። ሰውየውም ስኳሩ ትንሽ ከፍ ቢልም በሽታው እንደሌለበት ተነግሮት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ማሽኑ አልተበላሸም፤ ባለሙያውም ቁጥሩን በትክክል ነው ያነበበው። ምንም ማቆያ ያልተጨመረበት ደም በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ በየሰዓቱ ከግሉኮሱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህሉን ያጣል። በመካከለኛው፣ በ6 በመቶ ብናሰላው፣ 130 የነበረው ከአንድ ሰዓት በኋላ 122፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 115 ይሆናል። ስኳሩን የበሉት በቱቦው ውስጥ ያሉት የደም ሴሎች ናቸው። ከሰውነት ከወጡም በኋላ በሕይወት ስላሉ መብላታቸውን አያቆሙም። የሚበሉበት መንገድ ግላይኮሊሲስ ይባላል። አንድን የግሉኮስ ሞለኪዩል በአሥር ደረጃዎች እያፈረሱ ጉልበት የማውጣት ሥራ ነው።

በቱቦው ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቀይ የደም ሴል ነው፤ ይህን መንገድ ለመረዳትም ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሌሎች የሰውነታችን ሴሎች ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሏቸው፤ ኦክስጅንን ተጠቅመው ከምግብ ብዙ ጉልበት የሚያወጡት በእነርሱ ውስጥ ነው። ቀይ የደም ሴል ሲጎለምስ ኒውክለሱንም ሚቶኮንድሪያውንም አውጥቶ ይጥላል፤ ሆዱን በሙሉ በሄሞግሎቢን ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን ተሸክሞ ሲዞር የሚኖረው ይህ ሴል ለራሱ ከዚያ ኦክስጅን ጉልበት ሊያወጣ አይችልም ማለት ነው። በሕይወት በሚቆይባቸው 120 ቀናት ያህል የሚኖረው በግላይኮሊሲስ ብቻ ነው። ጉልበቱንም በከንቱ አያጠፋውም፤ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ እየገፋ ውኃ ሞልቶት እንዳይፈነዳ የሚጠብቀው፣ በቀጫጭን የደም ሥሮች ለመተላለፍ የሚያስችለውን ልስላሴና ቅርጽ የሚይዘው በዚሁ ነው።

ሥራው የሚከናወነው በሳይቶሶል ውስጥ ነው። ሳይቶሶል ማለት የሴሉን ሆድ የሚሞላው፣ ኢንዛይሞችና ጨዎች የተሟሙበት ፈሳሽ ነው። ለግላይኮሊሲስ የተለየ ክፍል፣ ግድግዳም ሆነ ሽፋን አያስፈልግም፤ አሥሩ ኢንዛይሞች በዚያ ፈሳሽ ውስጥ እስካሉ ድረስ ሥራው ይሄዳል። ሚቶኮንድሪያ የሌለው ቀይ ሴል፣ ሚቶኮንድሪያ የሞላበት የጡንቻ ሴልና እርሾ ይህን መንገድ የሚጋሩት ለዚህ ነው። እንዲያውም ኤድዋርድ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1897 እ.ኤ.አ. እርሾን ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ሴል በሌለበት ጭማቂ ስኳርን ወደ አልኮል ሲለውጥ ታየ። ፍላቱ ሕያው ሴል ሳይኖር ሊሆን አይችልም ተብሎ ይታመን ስለነበር ነገሩ ዘመኑን ያስደነቀ ነበር፤ ቡክነርም በ1907 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

አሁን አንዲት የግሉኮስ ሞለኪዩልን ተከትለን እንግባ። ግሉኮስ ስድስት ካርቦን አለው። ወደ ቀይ ሴል የሚገባው በሴሉ ሽፋን ላይ ባለ በር ነው፤ ይህ በር የኢንሱሊንን ፈቃድ አይጠብቅም። በቱቦ ውስጥ ያለ ደም ከቆሽት ተለይቶ እንኳ ስኳሩን መብላት የሚቀጥለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና በሩ በሁለቱም አቅጣጫ ያስወጣል፣ ያስገባል። ሴሉ የገባውን ግሉኮስ ካላሰረው ተመልሶ ሊወጣበት ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ ይህን ይፈታል። ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከኤቲፒ ላይ አንድ ፎስፌት ወስዶ በግሉኮሱ ላይ ይለጥፋል። ኤቲፒ ሴሉ ለማንኛውም ሥራ የሚከፍለው የጉልበት ገንዘብ ነው፤ ሦስት ፎስፌት ተሸክሞ፣ የመጨረሻውን ሲሰጥ ጉልበት አውጥቶ ኤዲፒ ይሆናል። ፎስፌት የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው የተለጠፈበት ግሉኮስ በበሩ ሊያልፍ አይችልም፤ እዚያው ሴል ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ሴሉ ግን ከስኳሩ ገና ምንም ሳያገኝ አንድ ኤቲፒ አውጥቷል።

በሁለተኛው ደረጃ ግሉኮሱ ፍሩክቶስ ይሆናል። አንድም አቶም አይጨመርም፣ አይቀነስም፤ የአቀማመጥ ለውጥ ብቻ ነው። ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ሞለኪዩሉ ኋላ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፤ የሚቆረጥበትን ቦታ የሚወስነው ደግሞ ይህ አቀማመጥ ነው። በግሉኮስነቱ ቢቆረጥ ሁለት ካርቦንና አራት ካርቦን ያላቸው ሁለት የማይመጣጠኑ ቁራጮች ይወጡ ነበር። ፍሩክቶስ ከሆነ በኋላ ግን ሦስት በሦስት እኩል ይካፈላል፤ ለሁለቱም ቁራጮች አንድ ዓይነት ኢንዛይሞች ይበቃሉ።

ሦስተኛው ደረጃ ሁለተኛው ወጪ ነው። ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ሌላ ኤቲፒ ከፍሎ በሞለኪዩሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሁለተኛ ፎስፌት ይለጥፋል። ይህ ኢንዛይም የመንገዱ ሁሉ ዋና ፍሬን ነው። እስከዚህ ድረስ ስኳሩ ወደ ሌላ ሥራ ሊዞር ይችል ነበር፤ ከዚህ ደረጃ ካለፈ ግን መፍረሱ አይቀርም። ስለዚህ ኢንዛይሙ ከማሳለፉ በፊት የሴሉን ሁኔታ ያያል። ኤቲፒ በሽ ከሆነ እርሱው ራሱ ተጣብቆበት ያቀዘቅዘዋል። ኤቲፒ አልቆ ቅሪቱ፣ ኤኤምፒ የሚባለው፣ ከበዛ ይፈጥናል። አሲድ ሲበዛም ይቀዘቅዛል፤ ይህን የአሲድ ነገር አስታውሱልኝ፣ ወደ ቱቦው ስንመለስ ያስፈልገናል። ሁለት ፎስፌት የተሸከመውን ይህን ስኳር መጀመሪያ ከእርሾ ጭማቂ ለይተው ያወጡት እንግሊዛውያኑ አርተር ሃርደንና ዊልያም ያንግ ናቸው። ቀዝቅዞ የነበረው ጭማቂ ፎስፌት ሲጨምሩበት እንደገና መፍላት ጀመረ፤ የጨመሩት ፎስፌት ግን በነጻ ሊገኝ አልቻለም፤ ስኳሩ ላይ ተለጥፎ ነበር።

በአራተኛው ደረጃ አልዶሌዝ ሞለኪዩሉን እኩል ለሁለት ይቆርጠዋል። ሦስት ካርቦንና አንድ አንድ ፎስፌት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይገኛሉ። ከሁለቱ ወደ ፊት መሄድ የሚችለው አንደኛው ብቻ ስለሆነ በአምስተኛው ደረጃ ሌላ ኢንዛይም ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ዓይነት ይለውጠዋል። የወጪው ምዕራፍ እዚህ ላይ ያበቃል። እስካሁን ሁለት ኤቲፒ ወጥቷል፤ የገባ የለም። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ግን ለእያንዳንዱ ግሉኮስ ሁለት ጊዜ ይሆናል።

ስድስተኛው ደረጃ ለእኔ የመንገዱ ልብ ነው፤ ትርፉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ኢንዛይሙ ከሦስት ካርቦኑ ቁራጭ ላይ ኤሌክትሮኖች ይወስድና ኤንኤዲ ለሚባል ተሸካሚ ያስረክባል። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ጉልበት አይባክንም፤ በፈሳሹ ውስጥ እንዲሁ ተበትኖ የሚገኝን ፎስፌት ቁራጩ ላይ ለመለጠፍ ይውላል። ልብ በሉ፣ ይህኛው ፎስፌት ከኤቲፒ የመጣ አይደለም። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ደረጃ ለተለጠፉት ፎስፌቶች ኤቲፒ ተከፍሎባቸዋል፤ እነዚህኛዎቹ ግን ኤቲፒ ሳይከፈልባቸው የተገኙ ናቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ አሁን ሁለት ፎስፌት ይዟል።

በሰባተኛው ደረጃ በነጻ የተገኘው ፎስፌት ወደ ኤዲፒ ይሻገርና ኤቲፒ ይሆናል። ቁራጮቹ ሁለት ስለሆኑ ሁለት ኤቲፒ ይገኛል። ወጪው ሁለት ነበር፣ ገቢው ሁለት ሆነ፤ ሴሉ ዋናውን መለሰ፣ ገና አላተረፈም። ይህችን ነጥብም ያዙልኝ።

ስምንተኛውና ዘጠነኛው ደረጃ ለመጨረሻው ትርፍ ማዘጋጃ ናቸው። በስምንተኛው የቀረው ፎስፌት በሞለኪዩሉ ላይ ቦታ ይለውጣል። በዘጠነኛው ኢኖሌዝ የተባለው ኢንዛይም ከሞለኪዩሉ አንድ ውኃ ያወጣል። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ውኃው ሲወጣ ሞለኪዩሉ ሳይወድ በግድ በተጨናነቀ ቅርጽ ይያዛል፤ ፎስፌቱንም ለመልቀቅ የሚቸኩል ይሆናል። በአሥረኛው ደረጃ ፓይሩቬት ካይኔዝ ያንን ፎስፌት ለኤዲፒ ይሰጣል፤ እንደገና ሁለት ኤቲፒ ይገኛል። እነዚህ ሁለቱ ንጹሕ ትርፍ ናቸው። የቀሩት ሁለት ሦስት ካርቦን ሞለኪዩሎች ፓይሩቬት ይባላሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ግን ሴሉ ብዙም ሳይቆይ ይቆማል። በስድስተኛው ደረጃ ኤሌክትሮን የተቀበለው ኤንኤዲ መጠኑ ትንሽ ነው። ሁሉም ኤሌክትሮን ተሸክሞ ከቀረ ለሚቀጥለው ቁራጭ ባዶ ተሸካሚ አይገኝም፤ ስድስተኛው ደረጃ ይዘጋል። ሚቶኮንድሪያ ያለው ሴል ኤሌክትሮኖቹን ወደዚያ ያሻግራል፤ ፓይሩቬቱንም እዚያው በኦክስጅን አቃጥሎ ከአንድ ግሉኮስ በድምሩ 30 ያህል ኤቲፒ ያወጣል። ቀይ ሴል ይህ ዕድል የለውም። ኤሌክትሮኖቹን መልሶ በፓይሩቬቱ ላይ ያራግፋቸዋል፤ ፓይሩቬቱም ላክቴት ይሆናል። ላክቴቱ ወደ ደም ይወጣል፤ ጉበት ይቀበለውና ከራሱ ጉልበት ከፍሎ መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ለዚያ ሥራ ጉበት የሚያወጣው ስድስት ኤቲፒ ነው፤ ቀይ ሴሉ ያተረፈው ሁለት ብቻ ነበር። ቀይ ሴሎቻችን የሚኖሩት በጉበት ድጎማ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

በቱቦ ውስጥ ግን ጉበት የለም። ግሉኮሱ ይቀንሳል፣ ላክቴቱ ይጨምራል፤ የሚተካ የለም። ነጭ የደም ሴሎችም ይበላሉ፤ በደም ካንሰር ምክንያት ነጭ ሴሎቹ እጅግ በበዙበት ታካሚ ቱቦ ውስጥ ስኳሩ በጣም በፍጥነት ሊያልቅ ይችላል። ሰውየው ምንም የመንቀጥቀጥ፣ የማላብ ወይም የመደናገር ምልክት ሳይታይበት የላቦራቶሪው ወረቀት ግን ስኳሩ እጅግ ዝቅ ማለቱን ከነገረ፣ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ናሙናው ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የተዘጋጀው ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ ነው። በውስጡ ሶዲየም ፍሎራይድ አለ። ፍሎራይድ የሚመታው ኢኖሌዝን፣ ማለትም ዘጠነኛውን ደረጃ ነው። ብዙ ሰው፣ ከጤና ባለሙያዎችም ጭምር፣ ደሙ ግራጫው ቱቦ ውስጥ ከገባ ስኳሩ ወዲያው የሚቆም ይመስለዋል። አይቆምም። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሰዓታት ስኳሩ ፍሎራይድ ከሌለበት ቱቦ ባልተናነሰ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጨርሶ የሚረጋው እስከ አራት ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው።

ምክንያቱን አሁን እናውቀዋለን። የሚለካው ግሉኮስ ነው፤ ግሉኮስ ደግሞ የሚጠፋው በመጀመሪያው ደረጃ ነው። ፍሎራይድ የዘጋው ዘጠነኛውን ሲሆን ከዚያ በላይ ያሉት ስምንቱ ኢንዛይሞች ምንም አልነካቸውም። ያችን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ እናምጣት፤ ሰባተኛው ደረጃ ክፍት ስለሆነ ሴሉ ያወጣቸውን ሁለት ኤቲፒዎች መልሶ ያገኛል። አያተርፍም፣ ግን ለተወሰነ ጊዜ ግሉኮስ ማሰሩን ለመቀጠል አይቸገርም። በሌላ በኩል ሶዲየምን የሚገፋው ፓምፕ ኤቲፒ መብላቱን አያቋርጥም፤ ትርፍ ስለሌለ ክምችቱ ቀስ በቀስ ይመናመናል። ኤቲፒ ሲያልቅ ሄክሶካይኔዝ የሚከፍለው ያጣል፤ ግሉኮሱም ያኔ ይረጋል። ይህ እስኪሆን ድረስ ከላይ እንዳየነው ዓይነት የ15 ነጥብ ቅናሽ ሊደርስ ይችላል። ላክቴትን ለመለካት ግን ይኸው ቱቦ ሸጋ ነው፤ ላክቴት የሚገኘው ከዘጠነኛው ደረጃ በኋላ ስለሆነ በሩ ከተዘጋ ወዲያ አይጨምርም።

ስኳሩን ወዲያው ማቆም የሚሻ ሰው መንገዱን ከላይ መዝጋት አለበት። አንዳንድ ቱቦዎች ከፍሎራይድ ጋር ሲትሬት የተጨመረባቸው ለዚህ ነው። ሲትሬቱ ደሙን አሲዳማ ያደርገዋል፤ አሲድ ደግሞ ሄክሶካይኔዝንና ፎስፎፍሩክቶካይኔዝን፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ፣ በቅጽበት ያቀዘቅዛል። ይህ ቱቦ በሌለበት ናሙናውን ወዲያው በረዶ በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ አስቀምጦ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ ፕላዝማውን ከሴሎቹ መለየት ነው። ሴል በሌለበት ፕላዝማ ውስጥ ግላይኮሊሲስ የለም። ጣትን ወግቶ ወዲያው በሚለካ ትንሽ መሣሪያ ላይም ይህ ችግር አይመጣም፤ ቆይታ የለምና። ያ መሣሪያ የራሱ የትክክለኛነት ገደብ ስላለው ግን በሽታውን ለመወሰን ብቻውን አይበቃም።

ፍሎራይድ በቱቦ ውስጥ የሚያደርገውን የሚመስል ነገር በተፈጥሮ የገጠማቸው ሰዎች አሉ። ከእናትም ከአባትም ጉድለት ያለበት ዘረመል የወረሰ ሰው በቀይ ሴሎቹ ውስጥ ያለው ፓይሩቬት ካይኔዝ ይደክማል። የሚጎዳው አሥረኛው ደረጃ፣ ትርፉ የሚገኝበት ነው። ወጪው እንደተለመደው ይወጣል፣ ዋናው ይመለሳል፣ ትርፉ ግን ይመነምናል። ሌሎቹ የሰውነት ክፍሎች በሌላ ዓይነት የዚህ ኢንዛይም ወይም በሚቶኮንድሪያ ስለሚተዳደሩ ብዙም አይጎዱም፤ ቀይ ሴሎቹ ግን 120 ቀን ሊሞሉ አይችሉም። ጣፊያ እየለቀመ ያፈርሳቸዋል። ሰውየው ደም ያንሰዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ገና በወጣትነቱ የሐሞት ጠጠር ሊይዘው ይችላል።

በዚህ በሽታ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በር ሲዘጋ ከኋላ ያሉት ሞለኪዩሎች ይከማቻሉ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ደረጃ መካከል ካለው ቅርንጫፍ የሚወጣው ሁለት ሦስት ቢፒጂ፣ ሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቆ ኦክስጅኑን ለሕብረ ሕዋሳት በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል። ስለዚህ ታካሚው የደም ማነሱ ቁጥር ሲታይ ከሚጠበቀው በላይ ብርቱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ደም ለመስጠት መቸኮል ተገቢ የማይሆነው ለዚህ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ሚታፒቫት የሚባል እንክብል የደከመውን ኢንዛይም ራሱን ይዞ የሚያነቃቃ ነው፤ ይሁንና ኢንዛይሙ ጨርሶ በማይሠራባቸው ሰዎች ላይ የሚያነቃቃው ስለማያገኝ አይረዳቸውም።

ጉድለቱን ለማወቅ የኢንዛይሙ አቅም በላቦራቶሪ ይለካል፤ ልኬቱም በቀላሉ ያሳስታል። ነጭ የደም ሴሎች ጤነኛ የሆነ ሌላ ዓይነት ፓይሩቬት ካይኔዝ ስላላቸው አስቀድመው ከናሙናው መወገድ አለባቸው። ገና ከመቅኒ የወጡ ወጣት ቀይ ሴሎች ከአሮጌዎቹ የበለጠ ኢንዛይም ይዘው ስለሚመጡ፣ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ወጣት ሴሎች ስለሚበዙበት፣ ውጤቱ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። በቅርብ ወራት ደም የተሰጠው ሰው ከሆነ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ያለው ኢንዛይም በከፊል የለጋሹ ነው፤ ያኔ ሐኪሞች የተሰጡት ሴሎች ዕድሜያቸውን እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ ወይም ዘረመሉን ራሱን ያስመረምራሉ።